አልጫ የነካው የሀበሻ ቀሚስ፦ በረኪና ይሻላል ወይስ የኦክስጅን ዱቄት?

የሚሚ_እናት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም እንዴት ናችሁ። አንድ ቀሚስ ሳላበላሸው በፊት ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

እሑድ ልደት ቤት ተጠርቼ ነበር። አንድ ልጅ እየሮጠ ሲያልፍ እጄን ገጨኝና አልጫው ከነሳህኑ ቀሚሴ ላይ ተደፋ። ቀሚሱ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ነው፣ ፈትል። ደረቱና ጫፉ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጥለት አለው። እድፉ ጭኔ አካባቢ ነው፣ የመዳፍ ያህል ቦታ ይዟል።

ቤት እንደገባሁ በልብስ ሳሙና ፈተግሁት። ያን ጊዜ ቢጫ የነበረው ነገር ዓይኔ እያየ ቀላ። የሸክላ ቀለም ሆነ በሉት። ደንግጬ በውሃ አለቃልቄ ሰቀልኩት። የጥለቱ ቀለም ለቆ መሰለኝ።

እናቴ "በረኪና ንኪው፣ ወዲያው ይለቃል" ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ ኦክስጅን ያለበት ማንጫ ዱቄት አምጥታ ሰጠችኝና "ይሄ ለባለቀለም ልብስ ምንም አይልም" አለችኝ። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። እኔ ግን ፈራሁ።

የእህቴ ልጅ 80 ቀኗ ሊሞላ 2 ሳምንት ነው የቀረው። የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። የምለብሰውም ይሄንኑ ቀሚስ ነው።

---

ጨርቆስ_82 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

እናትሽ ልክ ናቸው። እርድን እንደ በረኪና የሚያጠፋ የለም። አንድ ክዳን በረኪና በአንድ ኩባያ ውሃ በርዢው። የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ነክረሽ እድፉን ብቻ ንኪው፣ ጥለቱን አታስነኪው። እኔ ነጭ ሸሚዞቼን እንደዚህ ነው የማነጣው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቢጫ ነገር ከቀረ ደግሞ እዛው ላይ ሎሚ ጨምቀሽ ጨው ነስንሺበት። ሁለቱ ሲገናኙ አይተርፍም።

---

ላውንደሪው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:44

እህቴ፣ እስካሁን በረኪና ነክተሽዋል? መጀመሪያ ይሄን መልሽልኝ። ከነካሽው ሎሚም አቼቶም እንዳታስጠጊ።

ጨርቆስ፣ ወንድሜ፣ ያልከው የመጨረሻው ነገር አደገኛ ነው። በረኪናና ሎሚ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አቼቶም ሆነ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ያው ነው። በሩ የተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ያንቃል፣ ሲብስ ሳንባ ይጎዳል። እኔ 19 ዓመት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሆቴል። አንዴ አዲስ የገባ ልጅ ሁለቱን በአንድ ባልዲ ቀላቅሎ ሁላችንም እያሳልን ግቢ ወጥተናል። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ባልዲውን አነሳለሁ፣ እደፋለሁ ሳይል ቶሎ ወደ አየር ይውጣ።

አሁን ወደ ቀሚሱ። ሦስት ነገር ንገሪኝ። ቀዩ ነገር ያለው እድፉ ላይ ብቻ ነው ወይስ ከጥለቱ ተነስቶ ወደ ነጩ ሄዷል? ከእድፉ እስከ ጥለቱ ምን ያህል ይርቃል? ጥለቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ክር አለ?

---

ቨርጂኒያ_ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። እዚህ ክሎሮክስ ለባለቀለምም ይሠራል፣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። የልጆቼን ቀይ ቲሸርት ሳይቀር በሱ ነው የማጥበው፣ አንድም ቀን ቀለም አልለቀቀብኝም። ስለዚህ "በረኪና ቀለም ይበላል" የሚባለው የድሮ ወሬ ይመስለኛል።

---

ላውንደሪው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:35

እህቴ ቨርጂኒያ፣ ጠርሙሱን መልሰሽ እይው። ከስሙ ጎን 2 ቁጥር ይኖርበታል። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ውስጡ ያለው በረኪና አይደለም፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። አንቺ ሳታውቂው የኦክስጅኑን ስትጠቀሚ ነው የቆየሽው። ዘመድ ጋ ሄደሽ ያለ ቁጥሩን ነጩን ጠርሙስ አንስተሽ ቀይ ቲሸርቱ ላይ ብታፈሺ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ይሆናል። እሱ ደግሞ አይመለስም።

የትም አገር ብትሆኑ የጠርሙሱን ፊት ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። "ሶዲየም ሃይፖክሎራይት" ካለ በረኪና ነው። "ፐርካርቦኔት" ወይም "ፐርኦክሳይድ" ካለ የኦክስጅን ነው።

---

ቨርጂኒያ_ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:52

አሁን ወርጄ አየሁት። እውነትም 2 አለው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ያለ ቁጥሩን ነው የምትገዛው፣ ነገ ልደውልላት።

---

የሚሚ_እናት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

በረኪና ምንም አልነካሁትም፣ ተመስገን። ቀዩ እድፉ ላይ ብቻ ነው። ከትልቁ እድፍ እስከ ታችኛው ጥለት አራት ጣት ያህል ይርቃል። ግን አንዲት ጠብታ ጥለቱ ራሱ ላይ አርፋለች፣ የምስር ፍሬ የምታክል። በጥለቱ መሃል ወርቃማ ክር አለ፣ ያብለጨልጫል።

---

ላውንደሪው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:40

እንግዲያው አትደንግጪ። ጥለትሽ አልለቀቀም፣ የቀላው እርዱ ነው። እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። ሶዳ ቢነካውም ይቀላል። ብዙ ሰው በዚህ ይደነግጥና "ቀለም ለቀቀ" ብሎ ልብሱን በረኪና ውስጥ ይከተዋል፣ ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ጉዳት የሚመጣው።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ፣ ልብሱ በረኪና ስላልነካው ሎሚ ይቻላል። በጥጥ አንድ ጠብታ ሎሚ ቀዩ ላይ ጣል አድርጊ። ወደ ቢጫ ከተመለሰ እርድ ነው። የጥለት ማቅለሚያ ከሆነ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ ሎሚውን በውሃ በደንብ አጥበሽ አውጪው።

---

የሚሚ_እናት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:05

ጋሼ፣ ልክ ነዎት! ጠብታው ያረፈበት ቦታ ብቻ ክብ ቢጫ ሆነ፣ ዙሪያው ቀይ እንደሆነ ነው። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ እሷም ገረማት። አሁን በምን ላስለቅቀው?

---

ላውንደሪው | ረቡዕ፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ 7:30

ለዚህ ቀሚስ ዱቄቱ ይሻላል። ምክንያቱን ልንገርሽ።

በረኪና እርድን ያጠፋል፣ ጨርቆስ ውሸት አላወራም። ግን በረኪና ቀለም አይመርጥም። እርዱንም ጥለቱንም እኩል ይበላል። በጥጥ ንክች አድርገሽ ብትጀምሪ እንኳን ፈትል ውሃ ይስባል። አራት ጣት ርቀት ፈትል ላይ ምንም አይደለም፣ እርጥበቱ እየሄደ ጥለቱ ጋ ይደርሳል። ሌላው ክሩ ራሱ ነው። እጅ የፈተለው ክር አንዱ ጋ ቀጭን አንዱ ጋ ወፍራም ነው። በረኪና ጥጥን ያደክማል፣ ቀጭኑ ቦታ ቶሎ ይበላል። በዚያው ቀን አይታይሽም። ሦስተኛ አራተኛ እጥበት ላይ ስትጨምቂው ቸር ብሎ ይቀደዳል። እኛ ጋ የአልጋ ልብስና የትራስ ልብስ እንዲህ ነበር የሚያልቀው፣ በእንግዳ መተኛት ሳይሆን በበረኪና ብዛት።

የኦክስጅኑ ዱቄት ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ፐርኦክሳይድና ሶዳ ይሆናል። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። እርድን፣ ሻይን፣ ቡናን፣ ወይንን ያነጣል። ውሃ የማይለቅ ማቅለሚያን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ጎረቤትሽ "ምንም አይልም" ያለችው ግን ግማሹ ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ አትቁጠሪ፦ ቀለም መበላት ሌላ፣ ቀለም መልቀቅ ሌላ። ዱቄቱ ቀለሙን ባይበላው እንኳን ሙቅ ውሃውና ሶዳው ደካማ ማቅለሚያን ሊያስለቅቁት ይችላሉ። ያኔ ቀዩ ጥለት ነጩ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ቀሚሱን በሙሉ አትዘፍዝፊው። ወርቃማው ክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ስስ አሉሚኒየም ነው። ሶዳው ከቆየበት ብልጭታውን ያጠፋዋል።

እንዲህ አድርጊ።

መጀመሪያ ቅባቱን አውጪ። አልጫ ውስጥ ዘይት ወይ ቅቤ አለ፣ ቅባት ካለ ዱቄቱ እርዱ ጋ አይደርስም። ከጀርባው በኩል የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀቢና ሩብ ሰዓት ተይው፣ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቂ። እንደገና ይቀላል፣ አሁን ምክንያቱን ስለምታውቂ ተይው።

ቀጥሎ ጥለቱን ፈትኚ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ አሟሚ። ከጫፉ በውስጥ በኩል፣ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ከስሩ ነጭ ጨርቅ አድርገሽ ጠብ አድርጊበት። ሩብ ሰዓት ጠብቂ። ነጩ ጨርቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ካነሳ ጥለቱ ይለቃል ማለት ነው። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ክሩ ከደበዘዘ ይበላል ማለት ነው። ሁለቱንም እይ፣ አብዛኛው ሰው አንዱን ብቻ አይቶ "አለፈ" ይላል።

ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን አምጪ፣ የሸክላ ወይም የፕላስቲክ እንጂ አሉሚኒየም አይሁን። እድፉን አፉ ላይ እንደ ከበሮ ወጥረሽ በላስቲክ እሰሪው። ጥለቱ ከሳህኑ ውጪ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት አሟሚ። ውሃው እጅሽን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የምትችይበት ሙቀት ይሁን። ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፣ ያልሟሟ ፍሬ ልብስ ላይ ከተቀመጠ ነጥብ ነጥብ ይተዋል። በማንኪያ እያነሳሽ እድፉ ላይ አፍሺ። ሲቀዘቅዝ በሙቁ ቀይሪው። አንድ ሰዓት ይበቃል። ጓንት አድርጊ፣ ቆዳ ያደርቃል።

የተረፈውን ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ዘግተሽ አታስቀምጪ። ኦክስጅኑ እየወጣ ጠርሙሱን ይነፋዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በዚያ ላይ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ኃይል የለውም። ድፊው።

እድፉ ፈዞ ካልጠፋ ደጋግመሽ አለቅልቂና እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጪው። እርድ ፀሐይ አይችልም። ጥለቱም አይወድም፣ ስለዚህ በነጭ ጨርቅ ሸፍኚለት። እድፉ ጨርሶ ሳይጠፋ ካውያ እንዳታስነኪ።

---

ነጭ_ጋዋን | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:10

ጋሼ፣ በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ ነርስ ነኝ። ነጭ ጋዋኔን ሁልጊዜ በበረኪና ነው የማጥበው። እጅጌውና ኪሱ አካባቢ ግን ቡናማ ነጠብጣብ እየሆነ አስቸገረኝ። ደም መስሎኝ በረኪናውን ጨመርኩበት፣ ባሰበት። ውሃው ዝገት አለው መሰለኝ። ዱቄቱ ይሄንንም ያወጣል?

---

ላውንደሪው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:02

ልጄ፣ እጃችሁን የምትታጠቡበት ወይም ቁስል የምታጸዱበት ነገር ክሎርሄክሲዲን አለበት?

---

ነጭ_ጋዋን | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:06

አዎ፣ ሮዝ ፈሳሹ። ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የምንጠቀመው።

---

ላውንደሪው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:25

እንግዲያው ደምም ዝገትም ላይሆን ይችላል። ክሎርሄክሲዲን ጨርቅ ላይ ይጣበቃል፣ ግን አይታይም። በረኪና ሲያገኘው ነው ቡናማ የሚሆነው። ሆስፒታል እያለሁ አንሶላው ንጹሕ ሆኖ ገብቶ ተነጥቦ ይወጣ ነበር። ማሽኑ ነው እያልን ብዙ ጊዜ ፈትሸነዋል። በኋላ በረኪናውን ትተን በኦክስጅን ማጠብ ስንጀምር አዲስ ነጠብጣብ መምጣቱ ቆመ።

ከዛሬ ጀምሮ ለጋዋንሽ በረኪና ተይ። አዲስ አይመጣብሽም። አሁን ያለው ግን ከባድ ነው። የእኛ ድሮ የነበሩት አንሶላዎች አልለቀቁም፣ ወለል መጥረጊያ አደረግናቸው። በዱቄቱ በሙቅ ውሃ ሞክሪው፣ ቃል ግን አልገባልሽም።

---

ጂንስ_ወዳጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:18

ጥሩ ጊዜ ነው የመጣሁት። ሽንት ቤት ሳጸዳ ጥቁር ጂንሴ ላይ በረኪና ተረጨብኝ፣ ጉልበቱ ላይ ብርቱካናማ ሆነ። ይሄ የኦክስጅን ዱቄት ቀለሙን ይመልስልኛል ማለት ነው? ስንት ሰዓት ልዘፍዝፈው?

---

የሰፈር_ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ወንድሜ፣ አይመልስም። እዚህ የሚወራው እድፍ ስለማጥፋት ነው። ያንተ ቦታ እድፍ አይደለም፣ ቀለሙ ሄዷል። ማቅለሚያ ገዝተህ ጂንሱን በሙሉ ጥቁር አስነክረው፣ ወይም ቦታውን በጨርቅ ማርከር ንካው።

---

ፋርማሲ_ሰፈር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:05

ዱቄት ለማታገኙ፣ ከፋርማሲ 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዙ። የቁስሉ ማለቴ ነው። የኦክስጅን ማንጫ ማለት እሱ ነው። ጥለቱ ላይ ለቀረችው ጠብታም ይሆናል። ኃይል ከፈለጋችሁ ደግሞ ትንሽ በረኪና ጣል አድርጉበት፣ ሁለቱም ማንጫ ስለሆኑ ይደጋገፋሉ።

---

ላውንደሪው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:22

የመጀመሪያው ሐሳብህ በጣም ጥሩ ነው፣ እኔ ረስቼው ነበር። የፋርማሲው ሶዳ የለበትም። ስለዚህ ወርቃማውን ክር አይጎዳውም። እህቴ፣ ጥለቱ ላይ ያለችውን ጠብታ በዱቄቱ ሳይሆን በሱ ንኪያት። ጥጥ ነክረሽ ጠብታዋን ብቻ፣ በየአሥር ደቂቃው። ቀስ ይላል። እዚያም ቀድመሽ በማይታየው በኩል ፈትኚው።

ሁለተኛውን ግን አይሆንም። በረኪናና ፐርኦክሳይድ አይደጋገፉም፣ ይጣፋሉ። ሲገናኙ ይፈላሉ፣ ኦክስጅን ይተናል፣ የሚቀረው ጨውና ውሃ ነው። ልብሱ ምንም ሳይነጣ ሁለቱንም ታባክናለህ። በዚያ ላይ ፍላቱ ዓይን ውስጥ ሊረጭ ይችላል።

---

ፋርማሲ_ሰፈር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:40

ሲፈላ ስላየሁ እየሠራ መስሎኝ ነበር። እሺ፣ ተቀብያለሁ።

---

ጨርቆስ_82 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

ስለ ሎሚው ተምሬያለሁ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ። ግን በረኪናን እንዲህ አትጣሉት። ርካሽ ነው፣ የትም ሱቅ አለ፣ ሙቅ ውሃ አይፈልግም። መብራት በጠፋ ቀን ማን ውሃ አሙቆ ዱቄት ያሟሟል? ነጭ ጥጥ ላይ እሱን የሚያህል የለም።

---

ላውንደሪው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:25

አልጣልኩትም። ነጭ ጥጥ፣ ጥለት የሌለው፣ ላስቲክ የሌለው ከሆነ በረኪና ቦታ አለው። የወጥ ቤት ፎጣ፣ የአልጋ ልብስ፣ በሽተኛ የተኛበት አንሶላ። ቀዝቃዛ ውሃ መሆኑም ጥሩ ነው፣ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ሰነፍ ነው። ለ10 ሊትር ውሃ አንድ የቡና ሲኒ በረኪና፣ ቀድሞ ውሃው ላይ ይበረዛል፣ ከዚያ ልብሱ ይገባል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ማሳደር አይገባም። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ ነው። ሽታው እያለ ካውያ ካደረግህበት ቢጫ ይሆናል።

ሱፍና ሐር ላይ ግን በፍጹም። ያልተበረዘ በረኪና ውስጥ የሱፍ ካልሲ ብታሳድር ጠዋት ካልሲውን አታገኘውም፣ ይሟሟል። ዱቄቱም ለሱፍና ለሐር አይሆንም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነጭ ሸሚዞቼ ያልካቸው ጥጥ ናቸው ወይስ ፖሊስተር የተቀላቀለበት? አንገታቸውስ እንዴት ነው?

---

ጨርቆስ_82 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:41

እንዴት አወቁ? አንገታቸው ቢጫ ነው። ባነጣሁት ቁጥር የሚብስ ይመስለኛል። የላብ ነገር ነው ብዬ በረኪናውን እጨምርበት ነበር። አሁን ኮሌታው ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁት፣ ፖሊስተር 65፣ ጥጥ 35 ይላል። ከጎኑ ሦስት ማዕዘን አለ፣ ውስጡ ሁለት ሰያፍ መስመር ያለው።

---

ላውንደሪው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:58

ያ ሦስት ማዕዘን ራሱ ነግሮሃል። ባዶ ከሆነ የትኛውም ማንጫ ይቻላል። ሁለት ሰያፍ መስመር ካለው ክሎሪን የሌለው ብቻ፣ ማለትም የኦክስጅኑ ነው። ኤክስ ከተደረገበት ምንም ማንጫ አይነካውም።

ነጭ ሸሚዝ ሱቅ ውስጥ ያን ያህል የሚያበራው ፋብሪካ ውስጥ ማድመቂያ ስለሚቀባ ነው። በረኪና ያንን ማድመቂያ ይበላዋል፣ ከስሩ ያለው ቢጫማ ፖሊስተር ይታያል። የአንገቱ ቆሻሻ ደግሞ የሰውነት ቅባት ነው፣ በረኪና ቅባት አያወጣም። ስለዚህ አንተ ቅባቱን ትተህ ድምቀቱን ስታጥብ ነው የከረምከው። የዕቃ ሳሙና አንገቱ ላይ ቀባና ግማሽ ሰዓት ተወው፣ ከዚያ በ5 ሊትር ሙቅ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ለጥቂት ሰዓት። ቅባቱ ይወጣል። የተበላው ማድመቂያ ግን አይመለስም።

---

የሰፈር_ልጅ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:12

ጋሼ፣ የእኔ ሚስት ግን በረኪናውን ከዱቄት ሳሙና ጋር አንድ ላይ ነው የምታደርገው፣ ያ ችግር አለው?

---

ላውንደሪው | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:50

ጋዝ አያመጣም፣ ተራ የልብስ ሳሙና ከሆነ። ግን ብዙ ዱቄት ሳሙና ውስጡ ፐርካርቦኔት አለው። ካለው ከላይ ያልኩት መጣፋት ይመጣል። ካርቶኑን ያንብቡ።

---

የሚሚ_እናት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:20

ውጤቱን ላሳውቃችሁ ብዬ ነው።

ሐሙስ የጥለቱን ፈተና አደረግሁ። አረንጓዴው ደህና ነው። ቀዩ ግን ነጩ ጨርቅ ላይ ሮዝ ነገር ትቷል፣ ትንሽ። ክሩ ራሱ አልደበዘዘም። ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ይለቃል እንጂ አይበላም። ቀሚሱን በሙሉ ዘፍዝፌው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሮዝ ቀሚስ ነበር የምለብሰው።

ከበሮውን ወጠርኩ። ጥለቱን በፌስታል ጠቅልዬ በልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። እናቴ ሳህኑን ያዘች፣ እኔ በማንኪያ አፈሰስኩ። መጀመሪያ ይባስ ቀላ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጥቃቅን አረፋ ክሩ ላይ ይታይ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ቀዩ ወደ ፈዛዛ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ደብዛዛ ቢጫ ሄደ። ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። በሰዓቱ ላይ የቀረው ጥላ ብቻ ነበር። ትናንት ከጠዋት እስከ ቀን 8 ሰዓት ፀሐይ ላይ አዋልኩት፣ ጥለቱን በነጠላ ሸፍኜ። አሁን መብራት ስር አዙሬ አዙሬ እያየሁ ቦታውን ማግኘት አልቻልኩም።

ጥለቱ ላይ ያለችው ጠብታ ግን አለች። በፋርማሲው ፐርኦክሳይድ ስድስት ጊዜ ነካኋት። ፈዛለች፣ ግን ቀዩ ክር ላይ ሳይሆን ከጎኑ ባለው ነጭ ክር ላይ አሁንም ትታያለች። ወርቃማው ምንም አልሆነም። ልቀጥል ወይስ ልተዋት?

---

ላውንደሪው | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:05

እሰይ! ተያት። ከበዓሉ በፊት ያን ያህል ጥለት ማርጠብ አያስፈልግም፣ ቀዩ እንደሚለቅ አሁን ታውቂያለሽ። ከክርስትናው በኋላ ተመለሺባት፣ በፀሐይ ብቻ ሞክሪ። ፌስታሉን አላሰብኩትም ነበር፣ ጥሩ ዘዴ ነው።

ካውያ ስታደርጊው በጀርባው በኩል፣ ወርቃማው ላይ ጨርቅ ጣል አድርገሽ።

---

ነጭ_ጋዋን | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:44

እንኳን ደስ አለሽ። የእኔ ጋዋን በዱቄቱ ሁለት ጊዜ ሌሊቱን አደረ። ነጠብጣቡ ትንሽ ሳሳ፣ አልጠፋም። ያስለቀቀ ሰው ካለ ግን ይንገረኝ፣ አራት ጋዋን ነው ያለኝ።

---

ጨርቆስ_82 | እሑድ፣ ከምሽቱ 12:30

የሸሚዞቼን አንገት እንዳሉኝ አደረግሁ። ሳሙናውን ስቀባ የወጣውን ውሃ ብታዩት፣ ሻይ ነው የሚመስለው። ሁለቱ አንገታቸው ጠርቷል። ሦስተኛው፣ ብዙ በረኪና የጠጣው፣ ያው ነው፣ ሙሉ ሸሚዙ ቅቤ ቅቤ ይላል። እሱን ቤት ውስጥ እለብሰዋለሁ። ነርሷ እህታችን፣ እኔ ጋ መፍትሔ የለኝም፣ ግን ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የሚሠራ የአጎቴ ልጅ አለ፣ ነገ ጠይቄው እጽፍልሻለሁ።